አርባ አምስት ቪዲዮ በአሥር ሺህ ነጥብ ኮታ

በሆሳዕና ከተማ የሚያስተምሩ የፊዚክስ መምህራን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የላብራቶሪ ሙከራዎችን በ45 አጫጭር ቪዲዮዎች ቀርጸው አጠናቀዋል እንበል። የፔንዱለም ውዝዋዜ፣ የኦም ሕግ፣ በሌንስ የሚፈጠር ምስል፣ ሁሉም ተቆርጠውና ተስተካክለው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጠዋል። የሙከራ ዕቃው በእጃቸው የሌለ የሾኔ፣ የሆማቾ፣ የዱራሜ፣ የአንጋጫና የሺንሺቾ ተማሪዎች ቪዲዮዎቹን በዩቲዩብ ለማየት ይጠባበቃሉ። ለፈተናው የቀረው 10 ቀን ብቻ ነው።

መምህራኑ ፋይሎቹን በእጅ ከመጫን ይልቅ አንድ አጭር ፕሮግራም ጽፈው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አስጀመሩትና ወደየቤታቸው ሄዱ። ጠዋት ሲመለሱ የተጫኑት 6 ቪዲዮዎች ብቻ ነበሩ። ፕሮግራሙ ሰባተኛውን ለመጫን ሌሊቱን ሙሉ ሲሞክር፣ ያንኑ የእምቢታ መልስ ደጋግሞ ሲቀበል አድሯል።

መምህራኑና ቪዲዮዎቹ ምናባዊ ናቸው፤ የገጠማቸው ገደብ ግን እውነተኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ ገደቡ ከየት እንደመጣ፣ በሒሳብ እንዴት እንደሚያዝና መቼ ሊታለፍ እንደማይችል ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ኮታው እንዴት ይቆጠራል?

ዩቲዩብን በተለምዶ የምንጠቀመው በስክሪን ላይ የሚታዩትን ቁልፎች በመጫን ነው። ለፕሮግራሞች ደግሞ ሌላ መግቢያ አለ፤ ይህም ኤፒአይ ይባላል። በዚህ መግቢያ ፕሮግራሙ ጥያቄውን በተወሰነ ቅርጽ ጽፎ ይልካል፣ ሰርቨሩም መልሱን እንዲሁ በተወሰነ ቅርጽ ይመልሳል። ቪዲዮ ለመጫን የሚያገለግለው ጥያቄ `videos.insert` የሚል ስም አለው።

በዚህ መግቢያ የሚገለገል ሁሉ በቅድሚያ በጉግል ዘንድ አንድ ፕሮጀክት ይከፍታል። ለአዲስ ፕሮጀክት በመደበኛነት የሚሰጠው ኮታ በቀን 10,000 ነጥብ ነው። ኮታው የሚቀነሰው በጥያቄ ብዛት ብቻ ሳይሆን በጥያቄው ዓይነትም ጭምር ነው። ዝርዝርን የማንበብ ጥያቄ በአብዛኛው 1 ነጥብ ይወስዳል። ቪዲዮን በአጫዋች ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ወይም የሽፋን ሥዕል መለጠፍ 50 ነጥብ ይወስዳል። ቪዲዮ መጫን ደግሞ ለብዙ ዓመታት 1,600 ነጥብ ያስከፍል ነበር። ኩባንያው የዋጋ ሠንጠረዡን ሊያሻሽል ስለሚችል ማንኛውም ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሠንጠረዡን ማየት ይኖርበታል። እኛ ለምሳሌያችን በ1,600 እንሥራ።

10,000 ለ1,600 ሲካፈል 6 ይደርስና 400 ይቀራል። መምህራኑ ጠዋት ያገኟቸው 6 ቪዲዮዎች ምሥጢር ይኸው ነው። ነገር ግን አንድ ቪዲዮ ተጫነ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ቪዲዮ የሽፋን ሥዕል ያስፈልገዋል፤ በየትምህርቱ አጫዋች ዝርዝር ውስጥም መግባት አለበት። እነዚህ ሁለቱ ሲደመሩ የአንዱ ቪዲዮ ሙሉ ወጪ 1,700 ነጥብ ይሆናል። ስድስት ቪዲዮ በ1,700 ሲባዛ 10,200 ስለሚመጣ ከኮታው በ200 ነጥብ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቪዲዮ ሙሉ በሙሉ ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው የማያልፍ ፕሮግራም በቀን 5 ቪዲዮ ብቻ ይጭናል፤ 45ቱን ለማዳረስም 9 ቀን ይፈጅበታል።

ሥራውን በሁለት ተራ ብንከፍለው ግን አንድ ቀን እናተርፋለን። በቀን 6 ቪዲዮ እንጭናለን፤ ከተረፈው 400 ነጥብ ውስጥ በ350ው ሰባት ትናንሽ ሥራዎችን እንሠራለን፤ 50 ነጥብ ለመጠባበቂያ እናስቀራለን። በ7 ቀን ውስጥ 42 ቪዲዮዎች ይጫናሉ፣ 49 ትናንሽ ሥራዎችም ይጠናቀቃሉ። በ8ኛው ቀን የሚቀሩት 3 ቪዲዮዎችና 41 ትናንሽ ሥራዎች ሲሆኑ ወጪያቸው 4,800 ሲደመር 2,050፣ ማለትም 6,850 ነጥብ ነው። ሁሉም በ8 ቀን ይጠናቀቃል። መጠባበቂያው ያስፈለገበት ምክንያት ስህተት ያለበት ጥያቄም ቢያንስ 1 ነጥብ ስለሚያስከፍል ነው። ኮታውን እስከ ጫፍ ድረስ የሞላ ዕቅድ በአንዲት የተሳሳተች ጥያቄ ይፈርሳል።

የኮታው ቀን በስንት ሰዓት ይጀምራል?

አሁን ሌሊቱን ወደተፈጠረው ስህተት እንመለስ። የመምህራኑ መስመር በሰከንድ 1 ሜጋቢት ይልካል፣ እያንዳንዱ ፋይልም 300 ሜጋባይት ነው እንበል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ፋይሉ 2,400 ሜጋቢት ይሆናል፤ ለመጫን 2,400 ሰከንድ ወይም 40 ደቂቃ ይወስዳል። ስድስቱ 4 ሰዓት ይፈጃሉ ማለት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተጀመረው ሥራ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ኮታውን ጨረሰ። በዚያችው ሰዓት የኮምፒዩተሩ ቀን ስለተለወጠ ፕሮግራሙ አዲስ ቀንና አዲስ ኮታ እንዳገኘ ቆጥሮ ሰባተኛውን ጀመረ። ስህተቱ ያለው በዚህ ላይ ነው።

ለእኛ ቀን የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ለኮምፒዩተራችን ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። የዩቲዩብ ኮታ ከሁለቱም ይለያል፤ የሚታደሰው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ሰዓት አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ሲሆን ነው። ያ አካባቢ መደበኛ ሰዓቱን በሚጠቀምበት ጊዜ ከእኛ 11 ሰዓት ወደኋላ ስለሚቀር፣ የእነርሱ እኩለ ሌሊት ለእኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ድረስ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ስለሚያስቀድሙ ልዩነቱ ወደ 10 ሰዓት ይወርዳል፤ ኮታውም ከረፋዱ 4 ሰዓት ይታደሳል።

ሌሊቱ በሁለት የኮታ ቀኖች መካከል የሚገኝ ወሰን እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ከረፋድ እስከ ማግሥቱ ረፋድ ያለው ሁሉ አንድ ቀን ነው። ማታ የተቋረጠ ሥራ ካለ ከንጋት በኋላ፣ ኮታው ከመታደሱ በፊት፣ በዚያው ቀን ሒሳብ ሊጠናቀቅ ይችላል። ፕሮግራሙ የኮታውን ቀን በትክክል እንዲያውቅ የሰዓቱን ልዩነት እኛ ቆጥረን ከምንሰጠው ይልቅ የአካባቢውን ስም ብንነግረው ይሻላል፤ የወቅቱን ለውጥ ራሱ ያሰላዋልና፦

```python
from datetime import datetime
from zoneinfo import ZoneInfo

quota_day = datetime.now(ZoneInfo("America/Los_Angeles")).date()
```

በእያንዳንዱ ጥያቄ የወጣውን ነጥብ በዚህ ቀን ስም በአንድ መዝገብ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም፣ ሰባተኛውን ቪዲዮ ከመላኩ በፊት የቀረውን ቆጥሮ እስከ ረፋድ ይተኛል። ትክክለኛው ቆጣሪ ግን በጉግል ዘንድ ያለው ስለሆነ፣ የእኛን መዝገብ በፕሮጀክቱ የኮታ ገጽ ላይ ከሚታየው ቁጥር ጋር በየጊዜው ማመሳከር ያስፈልጋል።

መስመር ሲቋረጥ

በአርባ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፤ መብራት ይጠፋል፣ መስመር ይቋረጣል። ፋይሉ ግማሽ መንገድ ከደረሰ በኋላ ሁሉንም እንደገና መጀመር የጊዜ ብክነት ብቻ አይደለም። አዲስ የ`videos.insert` ጥያቄ አዲስ ወጪ ነውና ከዕለቱ 6 ዕድሎች አንዱ ያለ ፍሬ ይባክናል።

ለዚህ የተዘጋጀው መፍትሔ ከቆመበት የሚቀጥል ጭነት ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የቪዲዮውን ርእስ፣ መግለጫና መጠን ብቻ ይልካል። ሰርቨሩም ለዚያ ጭነት ብቻ የሚያገለግል ልዩ አድራሻ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ በቁራጭ በቁራጭ ወደዚያ አድራሻ ይላካል፤ ከመጨረሻው በስተቀር የእያንዳንዱ ቁራጭ መጠን የ262,144 ባይት ብዜት መሆን አለበት። በፓይተን ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```python
media = MediaFileUpload(path, chunksize=4*1024*1024, resumable=True)
req = youtube.videos().insert(part="snippet,status",
                              body=body, media_body=media)
resp = None
while resp is None:
    status, resp = req.next_chunk(num_retries=5)
```

መስመሩ ተቋርጦ ሲመለስ ፕሮግራሙ «ምን ያህል ደርሶሃል?» ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ለ300,000,000 ባይት ፋይል ጥያቄው እንዲህ ነው፤ ከ`PUT` ቀጥሎ የሚጻፈው ያ ልዩ አድራሻ ነው፦

```
PUT <session-uri>
Content-Length: 0
Content-Range: bytes */300000000
```

መልሱም ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦

```
308 Resume Incomplete
Range: bytes=0-125829119
```

ባይቶች የሚቆጠሩት ከዜሮ ጀምሮ ስለሆነ 125,829,120 ባይት ደርሷል ማለት ነው፤ ቀጣዩ ቁራጭም ከ125829120ኛው ቁጥር ይጀምራል። ከፋይሉ 42 በመቶ ያህሉ፣ በመስመራችን ፍጥነት የ17 ደቂቃ ገደማ ሥራ፣ ከመጥፋት ተረፈ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ልዩው አድራሻ ካልጠፋ ነው። መብራት ሲጠፋ በኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አድራሻው እንደተገኘ፣ የመጀመሪያው ቁራጭ ከመላኩ በፊት፣ በዲስክ ላይ ባለው መዝገብ መጻፍ አለበት። አድራሻው ዕድሜው ውሱን ነው፤ ጊዜው ካለፈበት ሰርቨሩ `404` ብሎ ይመልሳል፣ ያን ጊዜ ከመጀመር በስተቀር አማራጭ የለም።

ከዚህ የከፋው ጉዳይ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ደርሶ፣ ፕሮግራሙ ግን «ተጫነ» ብሎ ከመመዝገቡ በፊት መብራት ሲጠፋ የሚከሰተው ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ያልተጫነ መስሎት ያንኑ ቪዲዮ ደግሞ ይጭነዋል፤ በሰርጡ ላይም ሁለት መንትያ ቪዲዮዎች ይታያሉ። ይህን ለማጣራት በፍለጋ ጥያቄ መጠቀም አይገባም፤ በታወቀው ሠንጠረዥ ፍለጋ 100 ነጥብ የሚወስድ ነውና ሁለት የሽፋን ሥዕል የመለጠፊያ ዕድል ያሳጣናል። የተጫኑት ሁሉ የሚዘረዘሩበትን የሰርጡን ዝርዝር በ`playlistItems.list` ማንበብ ግን 1 ነጥብ ብቻ ይወስዳል፤ በአንድ ጥያቄም እስከ 50 ቪዲዮ ስለሚያሳይ ለ45ቱ ይበቃል።

እምቢታውን መለየት

የመምህራኑ ፕሮግራም ሁለተኛ ጥፋት ማንኛውንም እምቢታ በአንድ ዓይን ማየቱ ነው። እምቢታዎች ግን የተለያየ መድኃኒት አላቸው። ቁጥሩ `500` ወይም `503` ከሆነ ችግሩ በሰርቨሩ በኩል ያለ ጊዜያዊ ችግር ነው፤ 1 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 8 እያሉ፣ በእያንዳንዱም ላይ ትንሽ የዕጣ ቁጥር እየጨመሩ መጠበቅና መሞከር ተገቢ ነው። የዕጣ ቁጥሩ የሚጨመረው ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ቅጽበት ተመልሰው ሰርቨሩን እንዳያጨናንቁት ነው።

መልሱ `403` ሆኖ በምክንያቱ ቦታ `quotaExceeded` የሚል ከተጻፈበት ግን መጠበቅ ያለብን በሰከንድ ሳይሆን እስከ ረፋድ ነው። በየሰከንዱ መሞከር ኮታውን አይመልሰውም። ምክንያቱ `uploadLimitExceeded` ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ይህ የፕሮጀክቱ ሳይሆን የሰርጡ የራሱ የመጫኛ ገደብ ነው። ሺህ ነጥቦች እያሉን ሊመጣ ስለሚችል ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ማንበብ ግድ ይላል።

በሒሳብ የማይታለፉ ሁለት መሰናክሎች

የስምንት ቀኑ ዕቅዳችን ትክክል ይመስላል፤ ሆኖም በ8ኛው ቀን ጠዋት ፕሮግራሙ `invalid_grant` ብሎ ሊቆም ይችላል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ በሰርጡ ስም እንዲጭን ባለቤቱ አንድ ጊዜ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ፈቃዱን በራሱ የሚያድስበት ቁልፍ ይይዛል። ፕሮጀክቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የተመዘገበና ገና `Testing` በሚለው ደረጃ ላይ ያለ ከሆነ ግን ይህ ቁልፍ የሚያገለግለው ለ7 ቀን ብቻ ነው። ዕቅዱ 8 ቀን፣ ቁልፉ 7 ቀን! መፍትሔው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ደረጃውን ወደ `In production` ቀይሮ ፈቃዱን እንደ አዲስ መውሰድ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ይበልጥ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 28 ቀን 2020 በኋላ በተከፈተና በኩባንያው ባልተመረመረ ፕሮጀክት የሚጫን ቪዲዮ ሁሉ በግል መመልከቻ ብቻ ተገድቦ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ቪዲዮው ለሁሉም ይታይ ብሎ ቢጠይቅም ውጤቱ ያው ነው። ጭነቱ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ይጠናቀቃል፤ የዱራሜው ተማሪ ግን አንዱንም ሊያየው አይችልም። ገደቡ የሚነሣው ፕሮጀክቱ ቀርቦ የኩባንያውን ምርመራ ሲያልፍ ነው፤ ተጨማሪ ኮታም የሚጠየቀው በዚሁ መንገድ ነው። አንዳንዶች ብዙ ፕሮጀክቶችን ከፍተው ኮታን ለማባዛት ይሞክራሉ፤ ይህ በአገልግሎቱ ደንብ የተከለከለ ነው፣ የተከፈቱትም ያልተመረመሩ ስለሆኑ የግል ገደቡን አያነሡትም።

ስለዚህ ከ45ቱ በፊት አንድ ቪዲዮ ብቻ መጫንና ሌላ ሰው በሌላ ስልክ ሊያየው መቻሉን ማረጋገጥ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን ይገባል። የስምንት ቀን ሥራ ከንቱ ከመሆኑ በፊት እውነቱ በአንድ ረፋድ ይታወቃል።

እንግዲህ መምህራኑ ምን ያድርጉ?

ፕሮጀክታቸው ምርመራውን ያለፈ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን ለሙከራ፣ ቀጣዮቹን 8 ቀናት ለጭነት ተጠቅመው አንድ ቀን ይተርፋቸዋል። ያላለፈ ከሆነ ግን በ10 ቀን ውስጥ በኤፒአይ በኩል ተማሪዎቹ ጋር የሚያደርስ አስተማማኝ መንገድ የላቸውም። እንዲህ ባለ ጊዜ በዩቲዩብ ስቱዲዮ ገጽ በእጅ መጫን የተሻለ ነው። በእጅ የሚጫነው ከኤፒአይ ኮታ አይቀነስም፤ በአንድ ጊዜም እስከ 15 ቪዲዮ መምረጥ ስለሚቻል 45ቱ በሦስት ዙር ይጠናቀቃሉ፤ የሰርጡ የራሱ ዕለታዊ ገደብ ከመጣ ደግሞ ዙሮቹን በቀናት መከፋፈል ይቻላል። ፕሮግራሙ የሚጠቅመው በየሳምንቱ፣ ለዓመታት ለሚቀጥል ሥራ ነው፤ ለዚያ ምርመራውን ከወዲሁ መጀመር ያዋጣል።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ እናንሣ። የመጫኛው ዋጋ ከ1,600 ወደ 100 ቢወርድ ምን ይሆናል? የአንዱ ቪዲዮ ሙሉ ወጪ 200፣ የ45ቱ 9,000 ነጥብ ይሆንና ሁሉም በአንድ የኮታ ቀን ይገባሉ። ነገር ግን በመስመራችን ፍጥነት 45 ፋይሎች በ40 ደቂቃ ሲባዙ 30 ሰዓት ይፈጃሉ፤ አንድ የኮታ ቀን ደግሞ 24 ሰዓት ነው። ቀድሞ ሥራውን ያዘገየው ኮታው ነበር፤ አሁን የሚያዘገየው መስመሩ ይሆናል። የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው ይበልጥ የሚያዘገየው ነውና፣ ፕሮግራም ጸሐፊ ሁልጊዜ ሁለቱንም አስልቶ የትኛው እንደሚበልጥ ማወቅ አለበት። የመጫኛውን ዋጋ በፕሮግራሙ ውስጥ እንደ ቋሚ ቁጥር ሳይሆን እንደሚለወጥ መጠን መጻፍ የሚገባውም ለዚህ ነው።